ስድስተኛው ምርመራ፦ 2,451 ዶላር ወይስ 47 ሚሊዮን?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1975 ዳንከን ኑሃውዘርና አን ሌዊኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ጥያቄያቸው ጠባብ ነበር፦ የትልቁ አንጀትን ካንሰር ለመፈለግ አንድን ሰው አምስት ጊዜ ከመረመርነው በኋላ ስድስተኛ ብንጨምር ምን እናገኛለን? መልሱ ሐኪሞችን አስደነገጠ፤ የጤና ኢኮኖሚክስ መምህራን ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩታል። እኔም ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ተመሳሳይ መረጃ በሁለት መንገድ ሲሰላ ወደ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔዎች የሚመራበት፣ ይህን ያህል ጥርት ያለ ሌላ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ምርመራው። በትልቁ አንጀት ውስጥ የበቀለ ዕጢ ብዙ ጊዜ በዓይን የማይታይ ጥቂት ደም ያንጠባጥባል። ይህን የተሰወረ ደም ለማግኘት ከሰገራ ትንሽ ተወስዶ፣ ጓያክ ከሚባለው ዛፍ በሚወጣ ሙጫ የተዘጋጀ ወረቀት ላይ ይቀባል። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጠብ ሲደረግበት ደም ካለ ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ርካሽ ነው፣ አያምም፣ ሰውየው ቤቱ ሆኖ ናሙናውን ማዘጋጀት ይችላል።

ግን ሁለት ድክመት አለበት። ዕጢው ሁልጊዜ አይደማም፤ ደሙም በሰገራው ሁሉ ላይ እኩል አይሰራጭም። ስለዚህ ካንሰር ያለበት ሰው ናሙና ወረቀቱን ሳይለውጥ ሊያልፍ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ኪንታሮትም ይደማል፣ የጨጓራ ቁስልም ይደማል፤ በዋዜማው የተበላ ጥሬ ሥጋ እንኳ ወረቀቱን ሰማያዊ ሊያደርገው ይችላል። ተመርማሪው ለተወሰኑ ቀናት ከቀይ ሥጋ እንዲታቀብ የሚነገረው ለዚህ ነው። (ሁዳዴ ላይ ያለ ጿሚ ይህ ትእዛዝ አይከብደውም፤ የፋሲካ ሰሞን ግን ለእንዲህ ያለ ምርመራ አይመከርም።)

የመጀመሪያውን ድክመት ለመሸፈን የታሰበው መፍትሔ መደጋገም ነው። የኦሃዮው ሐኪም ዴቪድ ግሪጎር በሦስት ቀን ውስጥ በየቀኑ ሁለት፣ በድምሩ ስድስት ናሙና የሚወሰድበትን አሠራር አስተዋወቀ። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበርም ስድስቱን ደገፈ። ከስድስቱ አንዱ እንኳ ሰማያዊ ከሆነ ሰውየው ወደ ቀጣዩ ደረጃ ያልፋል፤ ይኸውም ባሪየም የተባለ ፈሳሽ በፊንጢጣ ገብቶ የሚነሣ የአንጀት ራጅ ነው።

ሁለቱ ተመራማሪዎች ሒሳቡን የሠሩት ለ10,000 ሰዎች ነው። ከግሪጎር መረጃ ተነሥተው ከእነዚህ ውስጥ 72 ያህሉ ካንሰር እንዳለባቸው፣ አንድ ምርመራም ካንሰር ካለባቸው 100 ሰዎች 92ቱን ገደማ እንደሚያገኝ ወሰዱ። ለዋጋው የመጀመሪያው ምርመራ በሰው 4 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ 1 ዶላር፣ ራጁ ደግሞ 100 ዶላር ተብሎ ተያዘ።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢመረመሩ ከ72ቱ 66 ያህሉ ይገኛሉ። ጠቅላላ ወጪው 77,511 ዶላር ነው። ይህን ለተገኙት በሽተኞች ብናካፍለው አንድ በሽተኛ ለማግኘት 1,175 ዶላር ወጣ ማለት ነው። ስድስት ጊዜ ቢመረመሩ ደግሞ ጠቅላላው 176,331 ዶላር ይሆናል፤ የሚገኙት ወደ 72 ይጠጋሉ፤ ለአንዱ 2,451 ዶላር ይደርሳል። ከአምስት ወደ ስድስት ስንሄድ ይህ አማካይ ዋጋ የሚጨምረው በ183 ዶላር ብቻ ነው።

አንድ የጤና ባለሥልጣን ጠረጴዛ ላይ ይህ ብቻ ቢቀርብለት ምን ይወስናል? ካንሰርን ሳይገድል ማግኘት 2,451 ዶላር ነው፤ ማን ይሰስትበታል? አምስቱን የፈቀደ ስድስተኛውን በ183 ዶላር ልዩነት ሊከለክል አይችልም። ይፈርማል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን፣ ያ ወረቀት ብቻ ቢሰጠኝ፣ እፈርም ነበር።

ኑሃውዘርና ሌዊኪ ያደረጉት ግን ድምሩን ለጠቅላላው ማካፈል ትተው አንዱን ደረጃ ከሌላው መቀነስ ነው። ሁለተኛውን ምርመራ እንውሰድ። ጠቅላላ ወጪው ከ77,511 ወደ 107,690 ዶላር ያድጋል፤ ስለዚህ ሁለተኛው በራሱ ያስወጣው 30,179 ነው። የሚገኙት በሽተኞች ከ65.95 ወደ 71.44 ይደርሳሉ፤ ሁለተኛው በራሱ ያመጣቸው አምስት ተኩል ያህል ሰዎች ናቸው። 30,179ን ለእነዚህ ብቻ ስናካፍል አንዱን ለማግኘት 5,492 ዶላር ይወጣል። ይህ የጭማሪ ወጪ ነው፤ ኢኮኖሚስቶች ማርጂናል ኮስት የሚሉት። ሌሎቹንም በዚሁ መንገድ ሲቀንሱ የሚከተለው ወጣ።

| የምርመራው ብዛት | አማካይ ወጪ ለአንድ ለተገኘ በሽተኛ (ዶላር) | የመጨረሻው ምርመራ ወጪ ለአንድ ተጨማሪ በሽተኛ (ዶላር) |
|---|---|---|
| 1 | 1,175 | 1,175 |
| 2 | 1,507 | 5,492 |
| 3 | 1,811 | 49,150 |
| 4 | 2,059 | 469,534 |
| 5 | 2,268 | 4,724,695 |
| 6 | 2,451 | 47,107,214 |

መካከለኛው ዓምድ በእርጋታ ይራመዳል። የመጨረሻው ግን በየደረጃው ወደ አሥር እጥፍ ይዘልላል። ሁለቱም የወጡት ከአንድ መረጃ ነው፤ አንዱም የስሌት ስሕተት የለበትም።

ሰው ይህን ሰንጠረዥ ሲያይ በመጀመሪያ የሚመስለው ስድስተኛው ምርመራ እጅግ ውድ እንደሆነ ነው። አይደለም። ስድስተኛው ለ10,000 ሰዎች በጠቅላላ የሚያስወጣው 13,190 ዶላር ነው፤ ከሁለተኛው ግማሽ አይሞላም። ከዚህ ውስጥ 10,000 ዶላሩ ለምርመራው ራሱ ይከፈላል፤ ቀሪው ካንሰር ሳይኖርባቸው ወረቀታቸው አሁን ገና ሰማያዊ ለሆነባቸው 32 ያህል ሰዎች ራጅ ነው። ደጋግሞ በመመርመር በሐሰት የሚያዙት ሰዎች ብዙዎቹ አስቀድመው ስለተያዙ የጭማሪው ወጪ እየቀነሰ ይሄዳል።

የወደቀው ጥቅሙ ነው። እያንዳንዱ ምርመራ ከቀሩት በሽተኞች ከ12 ውስጥ 11ዱን ይወስዳል፤ ለቀጣዩ የሚተርፈው አንድ አሥራ ሁለተኛው ነው። ከመጀመሪያው በኋላ 6 ሰው ቀረ፤ ከሁለተኛው በኋላ ግማሽ ሰው፤ ስድስተኛው ጋር ስንደርስ የሚገኘው በ10,000 ሰው 0.00028 ነው። ይህን ወደ ሰው ብንመልሰው፣ በስድስተኛው ምርመራ አንድ ተጨማሪ በሽተኛ ለማግኘት ከ35 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ስድስተኛውን መውሰድ አለባቸው ማለት ነው። ያንን አንድ ሰው ፍለጋ ደግሞ ከ110,000 በላይ ካንሰር የሌለባቸው ሰዎች ባሪየም ይገባባቸዋል። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በዶላሩ ውስጥ ስለተቀበረ ብዙ ጊዜ አይወራለትም፤ እኔ ግን ከ47 ሚሊዮኑ ይበልጥ የሚያሳምነኝ እሱ ነው። ባሪየም የገባበት ሰው ምን እንደምል ያውቃል።

አማካዩ ይህን ሁሉ እንዴት ሸፈነው? የመጀመሪያው ምርመራ ያገኛቸው 66 ሰዎች በእያንዳንዱ ረድፍ እንደገና ይቆጠራሉ። የስድስተኛው 13,190 ዶላር ለራሱ ፍሬ ሳይሆን ለ72ቱም ሰዎች ይካፈላል፤ ለያንዳንዳቸው 183 ዶላር ይደርሳቸውና ነገሩ ቀላል ይመስላል። በደቦ አጨዳ አምስቱ ሲያጭዱ ስድስተኛው ዛፍ ጥላ ሥር ተኝቶ ቢውል፣ የታጨደው ማሳ ለስድስት ሲካፈል ስድስተኛውም አጭዶ የዋለ ይመስላል። የተኛውን ለማወቅ እሱ ከመምጣቱ በፊትና ከመጣ በኋላ የታጨደውን ማነጻጸር ያስፈልጋል።

አማካዩ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ጥያቄው «ይህ ፕሮግራም በጠቅላላው ይኑር ወይስ ይቅር?» ከሆነ ተገቢው መለኪያ አማካዩ ነው፤ ምርጫው ሁሉም ወይም ምንም ስለሆነ። «አንድ ልጨምር ወይስ እዚህ ላይ ላቁም?» ለሚለው ግን መልስ የለውም። አንድ አገር አንድን በሽተኛ ለማግኘት እስከ 20,000 ዶላር ለማውጣት ፈቃደኛ ነው እንበል። በአማካይ የሚመራ ከሆነ 2,451 ከ20,000 በታች ስለሆነ ስድስቱንም ያጸድቃል። ደረጃ በደረጃ የሚያይ ከሆነ ሁለተኛውን በ5,492 ተቀብሎ ሦስተኛው 49,150 ሲደርስ ያቆማል። አቅሙ እስከ 100,000 ቢሆን ሦስተኛውን ይጨምርና አራተኛው ላይ ይቆማል። ስድስተኛውን ለመፍቀድ ግን አንድ በሽተኛ ማግኘት ቢያንስ 47 ሚሊዮን ዶላር ይገባዋል ማለት አለበት።

«የሰው ሕይወት በገንዘብ አይተመንም» የሚል ክርክር እዚህ ላይ ይነሣል፤ ልብ የሚነካም ነው። ነገር ግን በሌላኛው ወገን የቆመውም ሰው ነው። በ1975ቱ ዋጋ አንድን ሰው የመጀመሪያውን ምርመራና የሚከተለውን ራጅ ጨምሮ መመርመር በአማካይ 7.75 ዶላር ያስወጣል። ለስድስተኛው የሚወጣው 13,190 ዶላር ምንም ምርመራ አግኝተው ለማያውቁ 1,700 ያህል ሰዎች የመጀመሪያውን ምርመራ ይከፍላል፤ ከእነሱም ውስጥ 11 በሽተኞች ይገኛሉ። በአንድ ወገን 11 ሰው፣ በሌላው 0.00028 ሰው። ወጪው እኩል ነው።

እስከዚህ ድረስ ነው ብዙ ጊዜ ለተማሪ የሚነገረው። የጉዳዩ ሁለተኛ ግማሽ ግን ከመጀመሪያው አያንስም፤ 47 ሚሊዮኑ የተሠራበት መሠረት እጅግ ቀጭን ነበርና።

ግሪጎር የመረመራቸው 278 ሰዎች ነበሩ። ካንሰር የተገኘባቸው ሁለት ናቸው። ሁለቱ በድምሩ 12 ናሙና ሰጡ፤ 11ዱ ሰማያዊ ሆኑ። «ምርመራው 92 በመቶ ያገኛል» የተባለው ከዚህ ነው፤ ከሁለት ሰው። አንዷ ወረቀት እንኳ ሌላ ውጤት ብትሰጥ ኖሮ የመጨረሻው ረድፍ ሌላ ይሆን ነበር። በተጨማሪም በስድስቱም ወረቀት ያለፈ በሽተኛ በዚህ ዓይነት ጥናት ውስጥ አይታይም፤ በሽተኛ ተብሎ የተቆጠረው ምርመራው ያገኘው ነውና። ስለዚህ የምርመራው ኃይል ከእውነቱ በላይ መታየቱ አይቀርም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶችም የአንድ የጓያክ ምርመራ ካንሰርን የማግኘት ኃይል ከ92 በመቶ በእጅጉ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። በ1990 ብራውንና በሮውስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ አንሥተው፣ ያ 47 ሚሊዮን ጭራሽ ያልነበረ ገንዘብ ነው ብለው ተቹ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ያንኑ ሒሳብ አንድ ነገር ብቻ ቀይሬ ልሥራው። እያንዳንዱ ምርመራ ከቀሩት በሽተኞች ግማሹን ብቻ ያገኛል እንበል። ያኔ ከአምስት ምርመራ በኋላ ገና ከሁለት በላይ ሰዎች ሳይገኙ ይቀራሉ፤ ስድስተኛው ከእነሱ አንዱን ያህል ያገኛል። የጭማሪ ወጪው ለአንድ በሽተኛ ወደ 11,800 ዶላር ይወርዳል። ከ47 ሚሊዮን ወደ 11,800! ቅድም ያልነው 20,000 ዶላር አቅም ያለው አገር አሁን ስድስተኛውን ሊፈቅድ ነው።

አማካዩስ? ከ2,451 ወደ 2,486 ዶላር። ማለትም ምርመራው ድንቅ ቢሆንም ደካማ ቢሆንም አማካዩ 2,500 አካባቢ ቆሞ ይጠብቀናል፤ ውሳኔውን የሚገለብጠው ነገር ሲለወጥ አይነቃነቅም። ተቺዎቹ ቁጥሩን አፈረሱ እንጂ መንገዱን አላፈረሱትም። እንዲያውም ስሕተቱ የቱ ላይ እንዳለ ያሳየው ይኸው የመቀነስ ዘዴ ነው።

ሌላም ግምት አለ። ሒሳቡ ስድስቱ ምርመራዎች እርስ በርስ የማይገናኙ እንደሆኑ ያስባል፤ አንዱ ያመለጠውን ሌላው ከ12 ውስጥ 11 ዕድል ይዞ ይጠብቀዋል። በእውነቱ ግን አንዳንድ ዕጢ በዚያ ሰሞን ጭራሽ አይደማም። እንዲህ ያለውን በሽተኛ በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ መመርመር አንድ ጊዜ ከመመርመር ብዙም አይለይም። የሚያገኘው ከዓመት በኋላ የሚደረግ ምርመራ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ «አንድ ተጨማሪ» ስንል የምን አንድ ነው የሚል ነው። ናሙና ነው? ቀን ነው? ዓመት ነው? ወይስ ሰው? በተግባር ሰውየው አምስት ወረቀት ሰጥቶ ስድስተኛውን ለመጨመር ቁጭ ብሎ አይማከርም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ በእጁ ይሰጠዋል። ናሙናዎቹ ሁሉ የሚቀቡበት ካርድ አንዴ ከታተመና በፖስታ ከተላከ የስድስተኛዋ ወረቀት ወጪ ከምንም አይቆጠርም፤ የሚቀረው በሐሰት የሚያዙት ሰዎች ወጪ ነው። ስለዚህ ጭማሪን ማስላት የሚፈልግ ሰው ከቁጥሩ በፊት የሚወሰነው ነገር በእውነት ተነጥሎ የሚጨመርና የሚቀነስ መሆኑን ማጣራት አለበት። ሒሳብ ስለሚፈቅድ ብቻ ስድስት ደረጃ መሥራት ይቻላል፤ ሕይወት ግን ሁለት ምርጫ ብቻ ሰጥታ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም በሠንጠረዡ የተቆጠረው ጥቅም «የተገኘ በሽተኛ» ነው። የተገኘ ሁሉ አይድንም፤ ያልተገኘም ሁሉ አይሞትም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሊገኝ ይችላል። የጭማሪው ጥቅም በሕይወት ዘመን ቢለካ ዋጋው ሌላ ቁጥር ይሆናል።

የአንዱ ተጨማሪ ናሙናና የአንዱ ተጨማሪ ሰው ፉክክር ዘግይቶ በእንግሊዝ ታየ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የአንጀት ካንሰር ምርመራ ለዓመታት የተጠቀመው በጓያክ ካርድ ነበር፤ ከሦስት የተለያዩ ሰገራዎች ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስድስት ናሙና። እ.ኤ.አ. በ2019 FIT ወደሚባለው፣ የሰውን ደም ብቻ ለይቶ ወደሚያገኝ ምርመራ ተዛወረ። አዲሱ የተበላ ሥጋ አያሳስተውም፤ የሚጠይቀውም አንድ ናሙና ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በ2014 በተደረገው ሙከራ፣ ምርመራውን ሠርተው የሚመልሱት ሰዎች ከ59 በመቶ ገደማ ወደ 66 በመቶ ከፍ ብለው ነበር። ሰገራውን ስድስት ጊዜ መቀባት ያስጠላው ሰው አንዴ ለመቀባት እሺ ብሏል።